ጥሬ እንጨት ከቫርኒሽ በፊት፦ ስለ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንጨት የሚሠሩ ወዳጆቼ ስለ ቫርኒሽ ብዙ ይጠይቁኛል። የትኛው ያበራል? የትኛው ቶሎ ይደርቃል? የትኛው ውሃ ይችላል? ነገር ግን አበላሽተው ሲያሳዩኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከቫርኒሹ በፊት የተሠራ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ። እዚህ የምመልሳቸው ጥያቄዎች ያንን ብቻ የሚመለከቱ ናቸው፤ ምንም ያልተቀባ ጥሬ እንጨት ከየትኛው ቁጥር ተነስቶ፣ በየትኞቹ አልፎ፣ የትኛው ላይ ያቆማል? ለምሳሌ የምወስደው ራሴ የሠራሁትን የዋንዛ ጠረጴዛ ነው። ፊቱ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነበር።

ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ቁጥር ምን ይነግረኛል?

የፍሬውን ውፍረት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይወፍራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ይደቃል። መነሻው ወንፊት ነው። ፍሬውን የሚያበጥሩበት ወንፊት ቀዳዳው በበዛ ቁጥር፣ የሚያልፈው ፍሬ ይደቃል። ዱቄት በወንፊት የነፋ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

በመጠን ላስቀምጠው። የ80 ቁጥር ፍሬ በአማካይ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የ120 ወደ 0.125 ይወርዳል። የ180 ወደ 0.08፣ የ220 ደግሞ ወደ 0.07 ይጠጋል። እነዚህን በቃል መያዝ አያስፈልግም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ከ80 ወደ 120 ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፣ ከ180 ወደ 220 ያለው ግን ትንሽ ነው። ይህ ኋላ ይጠቅመናል።

አንዳንድ ወረቀት ከቁጥሩ ፊት P የሚል ፊደል አለው። የአውሮፓ መለኪያ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች ፊደሉ የሌለበትንም ታገኛላችሁ። እስከ 220 ድረስ ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ አትጨነቁ። ከዚያ በላይ ግን ይለያያሉ፤ ፊደል የሌለው 320 ከP320 የደቀቀ ነው።

በአጭሩ ንገረኝ፤ የትኞቹን ልግዛ?

80፣ 120 እና 180። ለጥሬው እንጨት በቂ ናቸው። ላዩ ላይ 220 ጨምሩ፤ እሱ በውሃ ለተነሳው ጅማትና ለጠርዝ ነው። ከዚያ ለቫርኒሹ ለራሱ፣ በአንዱ ቅብና በሌላው መካከል የምትጠቀሙበት 320 ውሰዱ።

ለዚያ ጠረጴዛ ፊት ከ80 አንድ ተኩል ሉክ፣ ከ120 አንድ ሉክ፣ ከ180 አንድ ሉክ፣ ከ220 ግማሽ ወጣኝ። ሉክ ስል 23 በ28 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የተለመደውን ማለቴ ነው። እግሮቹን አልቆጠርኩም። ሰው ከሁሉም እኩል ይገዛና 80ው ቶሎ ያልቅበታል። ካለቀ ወረቀት ጋር መታገል ደግሞ የሁሉም ስህተት እናት ነው፤ የደነዘ 80 አይቆርጥም፣ እንጨቱን እያጋለ ያንሸራትተዋል እንጂ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቁጥር ትርፍ ያዙ።

ሁልጊዜ ከ80 ነው የምጀምረው?

አይደለም። መነሻውን የሚወስነው እንጨቱ አሁን ያለበት ሁኔታ ነው። እንጨቱን ወደ መስኮት አምጡና ከጎን ዝቅ ብላችሁ እዩት። ከዚያ በመዳፍ ዳስሱት።

በመጋዝ ተሰንጥቆ የመጣና የመጋዙ ጥርስ ምልክት ያለበት ከሆነ፣ 60ም ያስፈልገው ይሆናል። እንዲያውም በመላጊያ ቢላግ ይሻላል። መላጊያ በአንድ ማለፍ የሚያነሳውን ለማንሳት ብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

በማሽን የተላገ ከሆነ ላዩ ለስላሳ ይመስላል። ግን ከጎን በብርሃን ስታዩት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ትናንሽ ሞገድ ታገኛላችሁ። የማሽኑ ቢላ እየዞረ የተወው ነው። እጅ ላይሰማው ይችላል። ቫርኒሽ ሲያርፍበት ግን በየመስመሩ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለውን በ80 ጀምሩ። የእኔ ዋንዛ እንደዚህ ነበር።

ስለቱ ጥሩ በሆነ የእጅ መላጊያ የተላገ ከሆነ ደግሞ 80 ማስነካት እንጨቱን መጉዳት ነው። ያልነበረ ጭረት ትፈጥሩበትና መልሳችሁ ታጠፋላችሁ። በ120 ጀምሩ። አንዳንዴ 150ም ይበቃል።

ደንቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልበለው፦ ያለውን ጉድለት በተመጣጣኝ ጊዜ ሊያጠፋ የሚችለው ከሁሉ ደቃቁ ቁጥር መነሻችሁ ነው። ካላወቃችሁ መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ 120ን ሞክሩ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሞገዱ ካለ፣ ወደ 80 ውረዱ።

ከ80 ቀጥታ ወደ 220 ብዘልስ? ጊዜ ለመቆጠብ ነው።

ይህን ያደረግሁት ራሴ ስለሆንኩ በደንብ አውቀዋለሁ። ለእናቴ የቁም ሳጥን በር ሠራሁ። በ80 አሸሁት፣ 120ው ስላለቀብኝ በ220 ጨረስኩት። ሲነካ እንደ ሐር ነበር። እናቴም ዳሰሰችና መረቀችኝ። በማግስቱ ቫርኒሽ ቀባሁት። ብሩሹ ባለፈበት ሁሉ ጭረቱ አንድ በአንድ ብቅ አለ። በሩን በሙሉ ፍቄ እንደገና ጀመርኩ።

የሆነው ይህ ነው። የ80 ቁጥር ፍሬ እንጨቱ ላይ ቦይ ያወጣል። ቦዩን ለማጥፋት በዙሪያው ያለውን እንጨት እስከ ቦዩ ሥር ድረስ ዝቅ ማድረግ አለባችሁ። ሌላ መንገድ የለም። 120 ይህን በደቂቃዎች ያደርገዋል። 220 ግን የሚያነሳው በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ የቦዩን አፋፍ ብቻ ያለሰልሳል። ስለዚህ እጅ ይሸወዳል። አፋፉ ለስላሳ ነው፣ ሥሩ ግን እንዳለ ነው። ቫርኒሹ ወደ ቦዩ ይገባል፣ ይጠቁራል፣ መስመሩ ይወጣል።

220 የ80ን ጭረት ፈጽሞ አያጠፋም ማለት አይደለም። ያጠፋል፤ ብዙ ሰዓትና ብዙ ሉክ ከሰጣችሁት። ጊዜ ለመቆጠብ ዘሎ ጊዜ ማቃጠል ማለት ይኸው ነው።

ልኩ ስንት ነው ካላችሁ፣ የሚቀጥለው ቁጥር ካለፈው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። 80 በአንድ ተኩል ሲባዛ 120 ነው። 120 በአንድ ተኩል 180 ነው። ለዚህ ነው እነዚህ ሦስቱ አብረው የሚሄዱት። ሱቅ 120 ካጣችሁ በ100ና በ150 ማለፍ ይቻላል። 80፣ 100፣ 150፣ 180 ትሄዳላችሁ። አንድ ወረቀት ይበዛል፣ ሥራው ግን በየደረጃው ያንሳል።

አንዱን ቁጥር እንደጨረስኩ በምን አውቃለሁ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የሥራው ልብ እዚህ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ሥራ ብቻ አለው፣ ከእሱ በፊት የነበረው የተወውን ጭረት ማጥፋት። እንጨቱን ማለስለስ እንኳ አይደለም ሥራው። ለስላሳነቱ በራሱ ይመጣል።

እርሳስ ውሰዱ። በተለመደው ለስላሳ እርሳስ የእንጨቱን ፊት በሙሉ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ሳትጫኑ በጠመዝማዛ መስመር ሞነጫጭሩት። ከዚያ አሹ። እርሳሱ ከጠፋ ወረቀቱ ሁሉንም ቦታ ነክቷል ማለት ነው። ያልጠፋበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፤ ወይም እጃችሁ አልደረሰበትም። በ80 ላይ ይህን ሁለት ጊዜ አድርጉት። በሌሎቹ አንድ ጊዜ ይበቃል። እስክሪብቶ ግን እንዳትጠቀሙ። ቀለሙ ወደ እንጨቱ ጠልቆ ይገባል።

እርሳሱ የሚነግራችሁ የት እንደደረሳችሁ ነው። ጭረቱ መጥፋቱን የሚነግራችሁ ግን ብርሃን ነው። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ከእንጨቱ ጋር አጋድማችሁ ያዙት፤ መብራቱ እንጨቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ይበል። ከላይ በሚመጣ መብራት የማይታይ ጭረት በዚህ ጊዜ ጥላ ይጥላል። መብራቱን ከጅማቱ ጎን አድርጋችሁ አዙሩት። ከአካባቢው የጠለቀ፣ ለብቻው ረዥም ሆኖ የሚታይ መስመር ካለ፣ የቀደመው ቁጥር ጭረት ነው።

የመጨረሻው ፈተና ቲነር ነው። ንጹሕ ጨርቅ በትንሽ ቲነር አርሱና ፊቱን ጥረጉት። እንጨቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቫርኒሽ የተቀባ ይመስላል፤ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ከዚያ ተኖ ይሄዳል። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አታድርጉት። በር ላይ የደረሰብኝ በዚህ ሁለት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

400 ወይም 600 ድረስ ብሄድ የበለጠ አያምርም?

ለቫርኒሽ አያምርም። ብዙ ሰው የማይቀበለኝ መልስ ነው፣ ግን እውነት ነው።

ቫርኒሽ እንጨቱ ላይ የራሱን ሽፋን ይሠራል። የምትነኩት ሽፋኑን እንጂ እንጨቱን አይደለም። ሽፋኑ የሚለሰልሰው በቅቦቹ መካከል በምታሹት ነው። ከሥር ያለው እንጨት 180 ሆነ 400፣ ከሦስት ቅብ በኋላ በእጅ አትለዩትም። በዓይንም ቢሆን፣ የ180 ጭረት በጅማቱ አቅጣጫ ከሄደ ከጅማቱ ጋር ይዋሃዳል።

ጉዳትም አለው። በጣም የደቀቀ ወረቀት እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይወለውለዋል። ቫርኒሹ የሚይዝበት ሸካራነት ይቀንሳል። እንጨቱን መጀመሪያ ቀለም የምትነክሩት ከሆነ ደግሞ ጎልቶ ይታያል፤ አንዱን ጠረጴዛ ግማሹን በ150 ግማሹን በ320 ጨርሳችሁ ያንኑ ቀለም ብትቀቡ፣ የ320ው ወገን ገርጥቶ ይቀራል።

ስለዚህ 180 ላይ ቁሙ። ዝግባን የመሰለ ጅማቱ ደቃቅ የሆነ እንጨት ከሆነና ፊቱ በቅርብ የሚታይ ከሆነ 220። ከዚያ በላይ የሚሄድ ጉልበት ካላችሁ፣ 80ው ላይ አውሉት።

በየት አቅጣጫ ነው የማሸው? በእጄ ይዤ ወይስ በሆነ ነገር ጠቅልዬ?

በጅማቱ አቅጣጫ። ቀጥ ብላችሁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ጅማቱን የሚያቋርጥ ጭረት ልክ እንደ ተቃራኒ መስመር ስለሚታይ፣ 180ም ቢሆን ቫርኒሽ ስር አይደበቅም። በ80 ብቻ፣ ሞገድ ለማጥፋት ሲሆን፣ በጣም በትንሹ አግድሞ መሄድ ይቻላል። ከዚያ በዚያው 80 ወደ ቀጥታው ተመልሳችሁ ጨርሱት።

ወረቀቱን ጠፍጣፋ ቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። በመዳፍ የሚያዝ፣ 11 በ7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥሩ ነው። ሥሩ ላይ የቆየ ነጠላ ጫማ ጎማ ወይም ቡሽ ብታጣብቁበት የበለጠ ይሠራል። ባዶ ጣት ወደ ለስላሳው የእንጨቱ ክፍል ይሰምጣል፣ ጠንካራውን ይዘለዋል፤ መጨረሻ ላይ ፊቱ ተጎርብጦ ታገኙታላችሁ። በተለይ ጥድ ላይ ይህ ቶሎ ይታያል። ጣት የሚያስፈልገው ለክብ እግርና ለቅርጽ ብቻ ነው።

አትጫኑ። ወረቀቱ ካልቆረጠ ቀይሩት እንጂ ክብደታችሁን አትጣሉበት። ወደ ጠርዝ ስትደርሱም ቁራጩ ግማሹ ከእንጨቱ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ፤ ጠርዙ ይላሽቃል።

ማሽን ካለኝ ቁጥሩ ይለወጣል?

ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። 80፣ 120፣ 180 ነው። ክብ እየዞረ የሚንቀጠቀጠው ማሽን የራሱ ጠባይ አለው፤ እንደ አሳማ ጅራት የተጠቀለለ ትንሽ ጭረት ይተዋል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ መጫን፣ መቸኮል፣ ወይም ከቀደመው ወረቀት የተረፈ ፍሬ ከሥር መግባት ነው። በራሱ ክብደት ብቻ ተዉት፣ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት። ቁጥር ስትቀይሩ ፊቱን በደንብ ጥረጉ። በማሽን 180 ከጨረሳችሁ በኋላ፣ በእጅ በዚያው በ180 በጅማቱ አቅጣጫ አንድ ሁለት ጊዜ ሂዱበት። ያ የተጠቀለለው ጭረት ይጠፋል።

ሰው «እንጨቱን አርጥበው» ይለኛል። ለምን?

ትክክል ብሎሃል፣ በተለይ ቫርኒሹ በውሃ የሚቀጥን ከሆነ። ስናሸው አንዳንድ የእንጨት ፀጉር ተቆርጦ አይወጣም፣ ተጋድሞ ይተኛል። እርጥበት ሲነካው ይነሳል። የመጀመሪያው ቫርኒሽ ያንን ፀጉር አስነስቶ እንደ ቆመ ያደርቀዋል፤ እጅ ሲያልፍበት እንደ ያልተላጨ አገጭ ይሆናል።

ስለዚህ ቀድማችሁ ራሳችሁ አስነሱት። 180ን ጨርሱ። ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ጥሩ አድርጋችሁ ጭመቁና ፊቱን በሙሉ እኩል አርጥቡ። የሚንጠባጠብ ውሃ አይኑር። ፀሐይ ላይ ሳታወጡ በደንብ ይድረቅ፤ እኔ እስከ ማግስቱ አቆየዋለሁ። ከዚያ በአዲስ ሳይሆን ትንሽ በሠራ 220፣ ሳትጫኑ፣ በጅማቱ አቅጣጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ። ፀጉሩን መቁረጥ ነው ሥራችሁ። ጠንክራችሁ ካሻችሁት አዲስ ፀጉር ታወጣላችሁ፣ ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ።

በቲነር የሚቀጥነው የዘይት ቫርኒሽ ጅማቱን ብዙም አያስነሳም። እዚያ ላይ ይህን መተው ትችላላችሁ።

የጣውላው ጫፍ ሁልጊዜ ጠቁሮ ይወጣብኛል።

ጫፉ ላይ የእንጨቱ ቱቦዎች አፋቸው ክፍት ነው። እንደ ሸምበቆ ቆርጣችሁ እንደምታዩት ማለት ነው። ስለዚህ ቫርኒሹን ይጠጣል። ከፊቱ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ጨርሱት፤ ፊቱ 180 ከሆነ ጫፉ 220፣ ፊቱ 220 ከሆነ ጫፉ 320። አፉ በትንሹ ይደፈናል፣ የሚጠጣውም ይቀንሳል። ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆንም። ግን ልዩነቱ ዓይን የማይወጋ ይሆናል። ጫፉን ስታሹ ከጠርዝ ወደ መሃል ሂዱ። ወደ ውጭ ከገፋችሁት ጠርዙ ይሰነጠራል።

ጥድ ላይ ወረቀቱ ቶሎ ይደፈናል። ቁጥሩን ልቀይር?

ቁጥሩን ሳይሆን ወረቀቱን። ሙጫ ያለው እንጨት ሲግል ሙጫው ይቀልጥና ከዱቄቱ ጋር ተቦክቶ ፍሬው መሃል ይጋገራል። የተጋገረው ራሱ እንጨቱን ይጭራል፤ ስለዚህ 180 ይዛችሁ 80 የሚመስል ጭረት ታያላችሁ። ላዩ ላይ ነጣ ያለ፣ ሳሙና የመሰለ ነገር የተቀባ ወረቀት ካገኛችሁ ውሰዱ፤ ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ዱቄት አይዝም። ካጣችሁ ቀስ ብላችሁ አሹና በየጊዜው በደረቅ የጫማ ብሩሽ አራግፉት።

ጥቁሩ በውሃ የሚሠራ ወረቀት ለጥሬ እንጨት አይሆንም። ፍሬው ስለታም ነው፣ ግን ቶሎ ይደፈናል፤ ጥቁር ብናኙም ነጣ ባለ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እሱ በደረቀ ቫርኒሽ ላይ ነው የሚያምርበት።

ኮምፔንሳቶ ላይም ያው ነው?

በፍጹም። የላይኛው ቆዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ይችላል። 80 ቁጥር ያንን በደቂቃ በልቶት ከሥር ያለውን ሌላ ጅማት ያወጣዋል። ያ ደግሞ አይመለስም። ፋብሪካው ራሱ አለስልሶ ስለሚልከው በ150 ወይም በ180 በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ ሂዱበትና ተዉት። እርሳሱ እዚህም ይሠራል፤ ልክ እንደጠፋ እጃችሁን አንሱ።

ስቱኮ የሞላሁበትና ኮላ የነካው ቦታስ?

ስቱኮውን ከ80 በኋላ ሙሉት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ 120ው ከእንጨቱ ጋር አብሮ ያስተካክለዋል። ከ180 በኋላ ከሞላችሁት ያንን ቦታ ብቻ ወደ ኋላ መመለስ አለባችሁ፤ ቦታውም ተለይቶ ይታያል።

ኮላ የከፋ ነው። የደረቀ ኮላ ግልጽ ስለሆነ አይታይም፣ ቫርኒሹን ግን አያስገባም። ቢጫማ ጠቃጠቆ ሆኖ ይቀራል። የቲነሩ ጨርቅ ሲያልፍበት ነጣ ብሎ ይታያል። በስለታም ነገር ፍቁትና ቦታውን በ120 ከዚያ በ180 አስተካክሉት።

የጠረጴዛውን ሥራ ከነጊዜው ብትነግረን?

የተሠራው በሁለት ቀን ነው። ፊቱን ከጎን በብርሃን አየሁት። የማሽን ሞገድ አለበት፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ጅማቱ ወደ ኋላ ስለዞረ ማሽኑ ነቅሎታል። ዋንዛ እንዲህ ያደርጋል።

በእርሳስ ሞነጫጨርኩትና በ80 ጀመርኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደበት። የተነቀለው ጥግ አልጠፋም። እዚያ ጥግ ላይ ብቻ ብፍቅ ጎድጓዳ እንደሚሆን ስለማውቅ፣ ከጥጉ ወደ መሃል እያሰፋሁ አሸሁት። ሁለተኛ እርሳስ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ። ሞገዱም ንቅሉም ጠፋ። በስልክ መብራት አረጋገጥኩ። አንድ ትንሽ የምስማር ቀዳዳ ነበረች፤ ስቱኮ ሞላሁባት፣ ቡናዬን ጠጥቼ እስክመለስ ደረቀች።

ፊቱን በብሩሽ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ከ80 የተላቀቀ አንድ ፍሬ ከ120 ሥር ከገባ፣ ረዥም ጭረት ያወጣል፣ ምክንያቱንም ማወቅ ያቅታል። በ120 አሥራ አምስት ደቂቃ። ጠረግሁ። በ180 አሥር ደቂቃ። በጊዜው ልብ በሉ፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሄደው 80 ላይ ነው። የኋለኞቹ ከረዘሙባችሁ፣ 80ው አላለቀም ነበር ማለት ነው።

በቲነር ጠረግሁት። ጠርዙ አጠገብ ሁለት ጭረት ታየኝ፣ በ120 እና በ180 ተመለስኩባቸው። ማታ በእርጥብ ጨርቅ አርጥቤ ተውኩት። በማግስቱ በ220 ሦስት ጊዜ አለፍኩበት፣ ጫፎቹንም በ320 ጨረስኩ።

ብናኙን እንዴት ላጽዳ?

ብሩሽ፣ ከዚያ ካለ የአቧራ መምጠጫ ማሽን፣ ከዚያ በቲነር የራሰ ንጹሕ ጨርቅ። ለውሃ ቫርኒሽ ከሆነ ቲነሩ ፈጽሞ ይትነን፣ ወይም ነጠብጣብ እስከማይኖረው በተጨመቀ የውሃ ጨርቅ ጥረጉ። በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ ይጨመርበታል። የምትቀቡበትን ክፍልና የምታሹበትን ክፍል ለዩ፣ ካልተቻለ ከማሸት በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቁ። በአየር ላይ ያለው ዱቄት ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።

አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የእንጨት ብናኝ በዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ ተመዝግቧል፤ በተለይ የአፍንጫ ካንሰር። ነጠላ ጠምጥሞ መሥራት አይበቃም፣ ማስክ አድርጉ። የዘይት ቫርኒሽ የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት። ሲደርቅ ራሱ ይግላል፣ እሳት ሊያስነሳም ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

በአንዱ ቅብና በሌላው መካከልስ?

320፣ በጣም በቀላል እጅ። የመጀመሪያውን ቅብ ትንሽ አቅጥናችሁ ከቀባችሁትና በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። መድረቁን ራሱ ወረቀቱ ይነግራችኋል፤ ነጭ ዱቄት ካወጣ ደርቋል፣ እየተጠቀለለ ከተጣበቀ አልደረቀም፣ ተዉትና ነገ ተመለሱ።

እዚህ ላይ የምታሹት ቫርኒሹን እንጂ እንጨቱን አይደለም። የቀረ ፀጉርና የወደቀ አቧራ ተነስቶ ፊቱ በሙሉ እኩል ከደበዘዘ በቂ ነው። ጠርዝ ላይ ከሁሉ ቀለል በሉ። ቅቡ እዚያ ስስ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ካለፋችሁበት ጥሬው እንጨት ይወጣል። ከወጣ አትደንግጡ፤ ያንን ቦታ በትንሽ ብሩሽ ነካ አድርጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቅብ በሙሉ ፊቱ ላይ ቀጥሉ። የመጨረሻውን ቅብ ግን አትሹት።